ጀበና በፎቶ ላይ ለምን ይወፍራል፦ ርቀት፣ ሌንስና አፐርቸር

ለሽያጭ የሚነሳ የዕቃ ፎቶግራፍ መልኩን የሚያገኘው ከሦስት ነገሮች ነው፦ ካሜራው ከዕቃው ካለው ርቀት፣ ከሌንሱ የትኩረት ርዝመትና ከአፐርቸሩ ስፋት። ሦስቱ ሁልጊዜ አብረው ስለሚሠሩ የአንዱ ሥራ በሌላው ይላከካል። ዕቃው ቅርጹ ሲዛባ ጥፋቱ የሰፊው ሌንስ ነው ይባላል፤ ከኋላው ያለው ዳራ ሲደበዝዝ ደግሞ ምስጋናው ለረጅሙ ሌንስ ይሰጣል። ሁለቱም አባባል ግማሽ እውነት ብቻ ነው። የትኛው የማን ሥራ እንደሆነ ለይቶ ያወቀ ሰው ባለው ካሜራ ብዙ ርቀት ይሄዳል፤ ያልለየ ግን ውድ ሌንስ ገዝቶም ያው ፎቶ ይወጣለታል።

ነገሩን ለማየት ጀበና ጥሩ ምሳሌ ነው። ሆዱ ክብ፣ አንገቱ ቀጭንና ረጅም ነው፤ በአንድ ጎኑ የሚቀዳበት አፍ፣ በሌላው እጀታ አለው። እንዲህ ያለ ቅርጽ ትንሽ መዛባት እንኳ ያጋልጠዋል። ከዚህ በታች ያለው ሒሳብ ሁሉ የተሠራው 30 ሴንቲ ሜትር ቁመት፣ 16 ሴንቲ ሜትር የሆድ ስፋት ላለው ጀበና ነው። መቅጃ አፉ ከመሐሉ በአንድ በኩል 10 ሴንቲ ሜትር፣ እጀታው በሌላው በኩል 10 ሴንቲ ሜትር ወጣ ይላል። ካሜራው ወደ ጎን ተጋድሞ ፎቶው ቁም ሆኗል፤ ፎቶው ከላይ እስከ ታች የሚይዘው 40 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ከጀበናው በላይና በታች ትንሽ ትንሽ ባዶ ቦታ ይተርፋል።

ቅርጹን የሚወስነው ርቀት ነው

የትኩረት ርዝመት፣ በባለሙያዎቹ አፍ «ፎካል ሌንግዝ»፣ በሚሊ ሜትር የሚለካ ቁጥር ሲሆን ሌንሱ ላይ ተጽፎ ይገኛል። ቁጥሩ ሲያንስ ሌንሱ ሰፊ አካባቢ ያያል፣ ዕቃውም በፎቶው ውስጥ ያንሳል። ቁጥሩ ሲበልጥ የሚታየው አካባቢ ይጠብባል፣ ዕቃውም ይጎላል። የትኩረት ርዝመት ከዚህ የዘለለ ሥልጣን የለውም። የዕቃውን ቅርጽ አይነካም።

ይህን ማንም ሰው በራሱ ካሜራ ሊያረጋግጠው ይችላል። ከካሜራ ጋር አብሮ በሚሸጠው 18–55 ሌንስ ጀበናውን ከአንድ ቦታ ሳይንቀሳቀሱ አንዴ በ18፣ አንዴ በ55 ማንሳት ነው። ከዚያ በ18 የተነሳውን ፎቶ ጠርዙን ቆርጦ ጀበናው ከሌላው ፎቶ ጋር እኩል እስኪሆን ማጉላት። ሁለቱ ጀበናዎች አንድ ዓይነት ቅርጽ ይኖራቸዋል። የተቆረጠው ፎቶ ጥራቱ ይቀንሳል እንጂ የሆዱና የአንገቱ ምጥጥን አይለወጥም።

ታዲያ ሰፊ ሌንስ ዕቃን ያበላሻል የሚለው ወሬ ከየት መጣ? ከፎቶ አንሺው እግር ነው። ሰፊው ሌንስ ጀበናውን አሳንሶ ስለሚያሳየው ሰውየው ፎቶውን ለመሙላት ይጠጋል፤ ቅርጹን የሚያዛባው መጠጋቱ ነው። ሴንሰሩ 36 በ24 ሚሊ ሜትር በሆነ፣ «ፉል ፍሬም» በሚባለው ካሜራ ላይ ከላይ የተባለውን 40 ሴንቲ ሜትር ለመሙላት በ24 ሚሊ ሜትር ሌንስ ወደ 29 ሴንቲ ሜትር መጠጋት ያስፈልጋል። በ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ርቀቱ 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል፤ በ100 ሚሊ ሜትር ደግሞ 1 ሜትር ከ20 አካባቢ። የሌንሱ ቁጥር በእጥፍ ባደገ ቁጥር የሚቆምበት ርቀትም በእጥፍ ያድጋል።

አሁን መቅጃ አፉ ወደ ካሜራው፣ እጀታው ወደ ኋላ ዞሮ እንበል። በ24 ሚሊ ሜትሩ ሌንስ አፉ ከካሜራው 19 ሴንቲ ሜትር፣ እጀታው 39 ሴንቲ ሜትር ላይ ይገኛል። አንድ ነገር ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር በግማሽ አንሶ ስለሚታይ፣ በዚህ ፎቶ ላይ አፉ ከእጀታው ጋር ሲነጻጸር ከሁለት እጥፍ በላይ ተጋንኖ ይወጣል። የሆዱም ፊት ለፊት ወደ ተመልካቹ ያብጣል፣ አንገቱ ወደ ኋላ የሸሸ ይመስላል። በ50 ሚሊ ሜትሩ ርቀት ይህ ብልጫ ወደ 1.4 እጥፍ ይወርዳል። በ100 ሚሊ ሜትሩ ርቀት 1.2 እጥፍ እንኳ አይሞላም። ዓይን ጀበናን በተለመደው መንገድ የሚያየው አንድ ሜትር ከዚያም በላይ ርቆ፣ ረከቦቱ አጠገብ ተቀምጦ ስለሆነ፣ «ልክ ነው» የሚለውም ይህን የመጨረሻውን መልክ ነው።

መጠጋት ሌላም ጉዳት አለው፤ ይህኛው ብዙ ጊዜ ሳይታወቅ ያልፋል። ካሜራው በጀበናው ወገብ ቁመት ላይ ቢሆን፣ በ29 ሴንቲ ሜትር ርቀት የላይኛውን አፍ ከታች ወደ ላይ በ27 ዲግሪ ያህል ቀና ብሎ፣ መቀመጫውን ደግሞ ከላይ ወደ ታች በዚያው መጠን አጎንብሶ ያየዋል። ስለዚህ የላይኛው ከንፈር ወደ ላይ፣ የታችኛው ጠርዝ ወደ ታች ይጎብጣሉ፤ ቀጥ ብሎ የቆመው ጀበና በርሜል በርሜል ይላል። በ120 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ ይህ ማዕዘን ወደ 7 ዲግሪ ዝቅ ስለሚል ጉብጠቱ ከዓይን ይሰወራል። ፎቶ ከየትኛው ርቀት እንደተነሳ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው የላይኛውንና የታችኛውን ክብ ጠርዝ ማወዳደር ይበቃዋል። ሁለቱ በተቃራኒ አቅጣጫ አጥብቀው ከጎበጡ ካሜራው አፍንጫው ሥር ነበር ማለት ነው።

ከዚህ ጋር የሚምታታ ሌላ ችግር አለ፤ ካሜራውን ማዘንበል። ካሜራው ከፍ ብሎ ወደ ታች ሲያጎነብስ ቀጥ ያሉ መስመሮች ወደ ታች ይጠብባሉ፤ ረጅም ጠርሙስ ወይም የመጽሐፍ ማሸጊያ ከሆነ ነገሩ በግልጽ ይታያል። ይህን ሌንስ መቀየር አያድነውም። የካሜራው ጀርባ ከዕቃው ጋር ትይዩ እንዲሆን ዝቅ ማድረግ ነው መፍትሔው፤ የላይኛውን ክፍት አፍ ማሳየት የግድ ከሆነ ደግሞ ርቆ በጥቂት ዲግሪ ብቻ ማዘንበል። ለዚሁ ሥራ ተብሎ የተሠራ፣ ሌንሱ ወደ ጎንና ወደ ላይ የሚንሸራተት ቲልት-ሺፍት የሚባል ሌንስ አለ፤ ዋጋው ግን ለካታሎግ ሥራ ለሚኖሩ ስቱዲዮዎች እንጂ ጀበና ለሚሸጥ ሰው አይደለም።

እንግዲህ የመጀመሪያው ውሳኔ የሌንስ ሳይሆን የቦታ ነው። መጀመሪያ የሚቆሙበትን ርቀት መወሰን፣ ከዚያ ፎቶውን የሚሞላ ሌንስ መምረጥ። ለጀበና ያህል ዕቃ ከአንድ ሜትር እስከ አንድ ሜትር ተኩል ጥሩ ርቀት ነው፤ በፉል ፍሬም ይህ ከ85 እስከ 125 ሚሊ ሜትር ያለውን ሌንስ ይጠይቃል። ከዚያ በላይ መሄድ ጥቅሙ ይቀንሳል። በ200 ሚሊ ሜትር ሌንስ ወደ 2 ሜትር ከ40 መራቅ ያስፈልጋል፤ ከጀበናው ኋላ ባዶ ቦታና ለፎቶ አንሺው መቆሚያ ሲጨመር ተራ የመኖሪያ ክፍል አይበቃም። ቅርጹም ከ100 ሚሊ ሜትሩ ብዙ አይሻልም፤ እንዲያውም በጣም ሲራቅ ዕቃው ጥልቀቱን ማጣት፣ ጠፍጣፋ ወረቀት መምሰል ይጀምራል።

በገበያ ላይ የሚበዙት ካሜራዎች ሴንሰራቸው ከዚህ ያነሰ፣ 24 በ16 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ትንሹ ሴንሰር የምስሉን መሐል ብቻ ስለሚቆርጥ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ እዚያ ላይ የሚያሳየው አካባቢ በትልቁ ሴንሰር 75 ሚሊ ሜትር ከሚያሳየው ጋር እኩል ነው። ያንኑ ጀበና ለመሙላት ወደ 90 ሴንቲ ሜትር መራቅ ያስፈልጋል። ርካሹ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ በእነዚህ ካሜራዎች ላይ ለዕቃ ፎቶ ጥሩ ሆኖ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው፤ ሰውየውን ሳያውቀው ከዕቃው ያርቀዋል።

አፐርቸርና የጥራት ጥልቀት

አፐርቸር በሌንሱ ውስጥ ብርሃን የሚያልፍበት፣ የሚሰፋና የሚጠብ ቀዳዳ ነው። ስፋቱ በካሜራው ስክሪን ላይ f/2.8፣ f/4፣ f/5.6፣ f/8፣ f/11፣ f/16 እየተባለ ይነበባል። ቁጥሩ ሲያድግ ቀዳዳው የሚጠበው ቁጥሩ አካፋይ ስለሆነ ነው። የትኩረት ርዝመቱ ለዚህ ቁጥር ሲካፈል የቀዳዳው ስፋት ይገኛል፤ 100 ሚሊ ሜትር ሌንስ በf/8 ላይ 12.5 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ አለው፣ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ በዚያው f/8 ላይ ግማሹን ብቻ። ከላይ በተዘረዘሩት ቁጥሮች አንድ ደረጃ በተኬደ ቁጥር የሚገባው ብርሃን በግማሽ ይቀንሳል።

ሌንስ ፎከስ የሚያደርገው በአንድ ርቀት ላይ ብቻ ነው። ከዚያ ርቀት ፊትና ኋላ ያለው ነገር ቀስ በቀስ ይደበዝዛል፤ ዓይን ድብዝዙን ሳያስተውል የሚቀበልበት ክልል የጥራት ጥልቀት፣ ዴፕዝ ኦፍ ፊልድ ይባላል። ቀዳዳው ሲጠብ ይህ ክልል ይሰፋል። ለጀበናችን በትልቁ ሴንሰር ሲሰላ በf/2.8 ላይ ጥራቱ የሚይዘው 2.3 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ የሆዱ ፊት ሲጠራ አንገቱ እንኳ ይደበዝዛል። በf/8 ወደ 6.5፣ በf/11 ወደ 9፣ በf/16 ወደ 13 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል።

እነዚህን ቁጥሮች ልብ ላላቸው ሰው አንድ ያልተጠበቀ ነገር ይታያል፤ የትኩረት ርዝመት በውስጣቸው የለም። ጀበናው በፎቶው ውስጥ የሚይዘው ስፋት አንድ እስከሆነ ድረስ በ50 ሚሊ ሜትር ቢነሳ በ100፣ በf/8 የሚጠራው ጥልቀት በተግባር እኩል ነው። ረጅሙ ሌንስ ጥልቀትን ያሳጥራል፣ መራቁ ደግሞ መልሶ ያረዝመዋል፤ ሁለቱ ይጣፋሉ። «ጀበናው ሙሉ እንዲጠራ አጭር ሌንስ ተጠቀም» የሚለው ምክር ስለዚህ ከንቱ ነው። ጥልቀት የሚጨምረው ቀዳዳውን በማጥበብ ወይም ዕቃውን በፎቶው ውስጥ በማሳነስ ብቻ ነው።

ሌላው መንገድ ዕቃውን ማዞር ነው፤ ወጪ የለውም፣ ግን ይረሳል። መቅጃ አፉ ወደ ካሜራው በዞረው ጀበና ከአፉ ጫፍ እስከ እጀታው 20 ሴንቲ ሜትር አለ፤ በf/16 እንኳ አይሸፈንም። ጀበናው ወደ ጎን ዞሮ አፉ በግራ፣ እጀታው በቀኝ ሲሆን ግን አፉ፣ አንገቱና እጀታው ሁሉም በአንድ ርቀት ላይ ይሰለፋሉ። የቀረው ጥልቀት ከሆዱ ፊት እስከ ጎኑ ጠርዝ ያለው 8 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ የኋላው ግማሽ አይታይምና አይቆጠርም። f/11 ይበቃዋል። ይህ አቀማመጥ ለገዢውም የጀበናውን ሙሉ ቅርጽ ስለሚያሳይ የመጀመሪያው ፎቶ እንዲህ፣ ሁለተኛው አፉ ትንሽ ወደ ፊት ዘወር ብሎ ቢነሳ ያምራል።

ፎከስ የት ይደረግ? ካሜራው ብቻውን ከተተወ ቅርብ የሆነውን የሆዱን ፊት ይመርጣል፤ በዚያ ጊዜ ከጥልቀቱ ግማሹ ከጀበናው ፊት ባለው ባዶ አየር ላይ ይባክናል። በሩቅ መልክዓ ምድር ፎቶ ላይ የሚሠራው አንድ ሦስተኛ ከፊት፣ ሁለት ሦስተኛ ከኋላ የሚለው ደንብ እዚህ አይሠራም፤ በቅርብ ርቀት ክልሉ ፊትና ኋላ እኩል ይከፈላል። ስለዚህ ፎከሱ ከሆዱ ፊት 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ወደ ኋላ ገባ ያለ ቦታ ላይ ማረፍ አለበት። እዚያ ላይ በእጅ ፎከስ ማድረግ ይቻላል፤ ካልሆነም ከፊት ለፊቱ ወደ ጎን ሸሸት ያለውን የሆዱን ክፍል መምረጥ ይበቃል። ከዚያ የካሜራውን ስክሪን አጉልቶ በተራ የሆዱን ፊት፣ የአንገቱን ጠርዝ፣ የአፉን ጫፍ ማየት ነው። አንዱ ከደበዘዘ ወደ እሱ አቅጣጫ ጥቂት ማስጠጋት፤ ሁሉም ጫፎች እኩል ከደበዘዙ ቀዳዳውን ማጥበብ።

ማጥበቡ ግን ገደብ አለው። ብርሃን በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ ጠርዙ ላይ ይበተናል፣ ይህም ዲፍራክሽን ይባላል። በትልቁ ሴንሰር f/16 ላይ መለሳለሱ ይጀምራል፤ f/22 ላይ የሸክላው ቅንጣትና የጌጡ ጭረት ከፎከሱ ነጥብ ላይ እንኳ ስለታቸውን ያጣሉ። በትንሹ ሴንሰር ይኸው ከf/11 ወዲያ ይመጣል። ምልክቱ ከተራ የፎከስ ስህተት ይለያል፦ ፎከስ ሲሳት አንድ ቦታ ደብዝዞ ሌላ ቦታ ይጠራል፤ በዲፍራክሽን ግን ፎቶው በሙሉ እኩል ይለሰልሳል።

ሁለተኛው ዋጋ ጊዜ ነው። ከf/2.8 ወደ f/11 አራት ደረጃ ስለሆነ የሚገባው ብርሃን በአሥራ ስድስት እጥፍ ይቀንሳል። በመስኮት ብርሃን በf/2.8 ላይ በሴኮንድ 1/60ኛ የተነሳ ፎቶ በf/11 ሩብ ሴኮንድ ይፈልጋል። ሩብ ሴኮንድ እጅ አይችለውም። የISO ቁጥሩን ከፍ አድርጎ ጊዜውን ማሳጠር ይቻል ነበር፤ በጥቁር ሸክላ ላይ ግን አሸዋ የመሰለ ነጠብጣብ ቶሎ ይወጣል። ጀበና ደግሞ አይንቀሳቀስም። ትራይፖድ ላይ አስቀምጦ ISO 100 ላይ መተው፣ ቁልፉን በጣት ከመጫን ይልቅ የሁለት ሴኮንድ ቆጣሪውን መጠቀም ከሁሉ ይሻላል። ከአዲስ ሌንስ በፊት ትራይፖድ የሚገዛ ሰው ገንዘቡን በቦታው አዋለ ማለት ይቻላል።

ዳራው እንዴት ይደበዝዛል

እዚህ ላይ አንድ ተቃርኖ ይነሳል። ጀበናው ሙሉ እንዲጠራ f/11 ያስፈልጋል፤ ከኋላው ያለው መሶብ፣ መጋረጃና ግድግዳ እንዲደበዝዝ ደግሞ ሰፊ ቀዳዳ ይፈለጋል። ብዙው ሰው ከሁለት አንዱን ይመርጣል፤ ወይ ደብዛዛ ጀበና ወይ ግርግር የበዛበት ዳራ። መምረጥ ግን አያስፈልግም፤ ዳራን የሚያደበዝዝ ቀዳዳው ብቻ አይደለምና።

ጀበናው በፎቶው የሚይዘው ስፋት ካልተለወጠ የዳራው ድብዝዝ የሚመራው በሁለት ነገር ነው፦ በf ቁጥሩና ዳራው ከጀበናው በራቀበት ርቀት። ጀበናው ከግድግዳው 30 ሴንቲ ሜትር ላይ ተቀምጦ በf/8 ሲነሳ፣ ግድግዳው ላይ ያለ አንዲት ነጥብ ተዘርግታ ወደ 3 ሚሊ ሜትር ትሰፋለች። የቀለሙ ጭረትና የሚስማሩ ቀዳዳ አሁንም ይታያሉ። ጠረጴዛው ከግድግዳው 1 ሜትር ተኩል ሲርቅ ያችው ነጥብ 15 ሚሊ ሜትር ተኩል ትሆናለች። በመሶቡ ላይ ያለው የስፌት መስመር፣ በመጋረጃው ላይ ያለው አበባ ከዚያ ካነሰ ይሟሟል፤ ቀለሙ ብቻ ይቀራል። ቀዳዳው አልተነካም፣ ጀበናውም ጥራቱን አላጣም። ድብዝዙ የጨመረው ጠረጴዛው ስለተጎተተ ነው።

ረጅሙ ሌንስስ? ነጥቧ በዳራው ላይ የምትዘረጋው ስፋት በ50ም በ100ም ሚሊ ሜትር፣ ጀበናው እኩል ሆኖ በf/8 ከተነሳ፣ አንድ ነው። ረጅሙ ሌንስ የዳራውን ዝርዝር የበለጠ አያጠፋም። የሚያደርገው ሌላ ነገር ነው፤ ዳራውን ያጎላዋል፣ ከዳራውም የሚታየውን ክፍል ያሳንሰዋል። ከጀበናው 1 ሜትር ተኩል ኋላ 60 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው መሶብ አለ እንበል። በ24 ሚሊ ሜትር ሌንስ መሶቡ ከጀበናው ጎን ሲለካ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል መስሎ ይታያል፤ ሙሉውን፣ ከክዳኑ እስከ እግሩ፣ ከበስተጀርባው ካለው በርና ሶፋ ጋር። በ50 ሚሊ ሜትር 17 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። በ100 ሚሊ ሜትር ወደ 27 ሴንቲ ሜትር አድጎ ከጀበናው ጋር ይስተካከላል፤ የፎቶው ስፋት ራሱ 27 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ በሩና ሶፋው ቦታ አጥተው ይወጣሉ። ድብዝዙም አብሮ ስለጎላ ለዓይን የበለጠ ለስላሳ ይመስላል። ረጅም ሌንስ ዳራን ያጸዳል ሲባል እውነቱ ይህ ነው፤ ግርግሩን ያባረረው ከፎቶው በማስወጣት ነው።

ይህ ለሻጭ የሚሰጠው ጥቅም ግልጽ ነው። በረጅሙ ሌንስ ከጀበናው ኋላ ሙሉ ክፍል ማስተካከል አያስፈልግም፤ አንድ ነጠላ ወይም አንድ መሶብ ዳራውን በሙሉ ይሸፍናል። ካሜራው ወደ ጎን ሲንቀሳቀስ ዳራው ከጀበናው አንጻር ቦታውን ይለውጣል። አንገቱ በመሶቡ ጠርዝ ላይ ካረፈና ከተምታታ ካሜራውን ጥቂት ገፋ ማድረግ ይለየዋል።

ለጀበናው የሚስማማው አቀማመጥ እንግዲህ ይህን ይመስላል፦ 100 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ ርቀቱ 1 ሜትር ከ20፣ ጀበናው በማቶቱ ላይ ወደ ጎን ዞሮ፣ ካሜራው በወገቡ ቁመት፣ ዳራው 1 ሜትር ተኩል ኋላ፣ f/11። በf/11 ነጥቧ ወደ 11 ሚሊ ሜትር ትሰፋለች፤ መሶቡ መሶብ መሆኑ ይታወቃል፣ ስፌቱ ግን ዓይን አይስብም። ለቡና ዕቃ ይህ ከፍጹም ድብዝዝ ይመረጣል፤ ገዢው ጀበናው የት እንደሚቀመጥ ያያል። ነጭ ዳራ ላይ ብቻ ለሚነሳ ፎቶ ደግሞ ይህ ሁሉ ጥያቄ ይወድቃል፤ ወረቀቱ የሚታይ ዝርዝር ስለሌለው የቀረው ጉዳይ ጥላው በወረቀቱ ላይ እንዳያርፍ ማራቅ ብቻ ነው።

የ18–55 ሌንስ ባለቤት አንድ ነገር ማወቅ አለበት። እነዚህ ሌንሶች ወደ 55 ሲዞሩ የሚከፍቱት ትልቁ ቀዳዳ f/5.6 ነው። ለጀበና ይህ ጉድለት አይደለም፤ ሥራው ለማንኛውም በf/8 አካባቢ ነው። በትንሹ ሴንሰር f/8 የሚሰጠው ጥልቀት 10 ሴንቲ ሜትር ስለሚጠጋ፣ በትልቁ ሴንሰር f/11 የሚሰጠውን ያህል ነው። ለዕቃ ፎቶ ብሎ f/1.4 ሌንስ መግዛት ገንዘብን ለማይከፈት በር ማውጣት ነው።

ብዙ ሻጭ የሚጠቀመው ግን ስልክ ነው። የስልክ ዋና ካሜራ የሚያሳየው አካባቢ በፉል ፍሬም ከ24 እስከ 26 ሚሊ ሜትር ሌንስ ከሚያሳየው ጋር ይስተካከላል፤ ጀበናውን ለመሙላት ወደ 30 ሴንቲ ሜትር ያስጠጋል፣ በቴሌግራም ላይ የሚታዩት ሆዳቸው ያበጠ ጀበናዎችም ከዚያ የመጡ ናቸው። መድኃኒቱ ወደ ኋላ ሄዶ 2x ወይም 3x መጫን ነው። 3x ላይ ከ85 እስከ 90 ሴንቲ ሜትር መራቅ ስለሚቻል ቅርጹ ይስተካከላል። ማጉያው የራሱ ሌንስ ያለው ስልክ ቢሆንም በጣም ሲቀርቡ ወይም ብርሃን ሲያንስ ሳይናገር ወደ ዋናው ካሜራ ተመልሶ ምስሉን ቆርጦ ያጎላል። ለማወቅ ሌንሶቹን በተራ በጣት መሸፈን ነው፤ ስክሪኑ የሚጨልመው እየሠራ ያለው ሲሸፈን ነው።

በስልኩ ዝርዝር መግለጫ ላይ የተጻፈው f/1.8 አያሳስት። የዋናው ካሜራ እውነተኛ የትኩረት ርዝመት በብዙ ስልኮች 6 ሚሊ ሜትር አካባቢ ስለሆነ ቀዳዳው 3 ሚሊ ሜትር ከምናምን ነው፤ ይህ 24 ሚሊ ሜትር ሌንስ በf/8 ላይ ካለው ቀዳዳ ጋር የሚቀራረብ ነው። ስለዚህ ስልክ በተፈጥሮው ዕቃውን ሙሉ ያጠራል፣ ዳራንም ብዙ አያደበዝዝም። ፖርትሬት በሚባለው ዘዴ የሚታየው ድብዝዝ ስልኩ ርቀትን ገምቶ በሒሳብ የሠራው ነው። በጀበና ላይ ግምቱ የሚወድቅበት ቦታ ይታወቃል፤ በእጀታውና በሆዱ መካከል ያለው ክፍተት። ከዙሪያው ያለው ግድግዳ ደብዝዞ በእጀታው ውስጥ የሚታየው ግድግዳ ጥርት ብሎ ይቀራል፤ የቀጭኑ መቅጃ አፍ ጫፍም አንዳንድ ጊዜ ከዳራው ጋር አብሮ ይሟሟል። ፎቶው ከመለጠፉ በፊት እነዚህን ሁለት ቦታዎች አጉልቶ ማየት ይገባል። ከተበላሹ ፖርትሬቱን አጥፍቶ ጠረጴዛውን ከግድግዳው ማራቅ የተሻለ ነው።

ዕቃው ሲያንስ ቁጥሮቹ ሁሉ ይጠብባሉ። 4 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው የብር የአንገት መስቀል በፉል ፍሬም 7 ሴንቲ ሜትር ገደማ በሚይዝ ፎቶ ሲነሳ፣ በf/8 የሚጠራው ጥልቀት 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ በf/16 ወደ 6 ይደርሳል። ተራ ሌንስ በዚህ መጠን ለማጉላት መጠጋት ስለማይችል ማክሮ ሌንስ ያስፈልጋል። እዚህም ከሁሉ ቀድሞ የሚደረገው የካሜራውን ጀርባ ከመስቀሉ ገጽ ጋር ትይዩ ማድረግ ነው፤ ጠፍጣፋ መስቀል እንዲህ ከተያዘ 3 ሚሊ ሜትር ይበቃዋል። ቀለበት ግን ጠፍጣፋ አይደለም፤ ጥልቀቱ 2 ሴንቲ ሜትር ነው፣ የትኛውም አፐርቸር ዲፍራክሽን ሳይቀድመው አይሸፍነውም። የጌጣጌጥ ፎቶ አንሺዎች ካሜራውን ትራይፖድ ላይ አስረው፣ በf/8 ፎከሱን ከቀለበቱ ፊት ወደ ኋላ በ2 ሚሊ ሜትር ገደማ እያሸጋገሩ ከአሥር በላይ ፎቶ ያነሳሉ፤ ከየፎቶው የጠራውን ክፍል በኮምፒውተር ያዋህዱታል። ሥራው የሚፈርሰው በተከታታዩ መሐል ብርሃኑ ሲለወጥ ወይም ጠረጴዛው ሲነቀነቅ ነው፤ በተዋሃደው ፎቶ ላይ የቀለበቱ ጠርዝ ሁለት መስመር ሆኖ ይወጣል፣ ያን ጊዜ ከመጀመሪያው ደግሞ ማንሳት ነው።